የፔሮል ቃላት መዝገብ እያዘጋጀን ነው፤ «ደመወዝ» ላይ ተጣብቀናል (ኮምቦልቻ)

ኤችአር_ኮምቦልቻ
ጥቅምት 2018

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። ፔሮሉ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ሲስተም ነው። ሠራተኛው እጅ የሚገባው ስሊፕ፣ የቅጥር ውሉና ደብዳቤው ግን በአማርኛ ነው። ሁሉም የመሰለውን ይጽፋል። ውል የሚያዘጋጀው «ደመወዝ» ይላል፣ ስሊፕ የሚያወጣው «ጠቅላላ ደመወዝ»፣ የባንክ ደብዳቤ የሚጽፈው «የወር ገቢ»። አንዷ ሠራተኛ ለብድር ማስረጃ ስትወስድ ባንኩ «ስሊፕሽና ደብዳቤሽ አይገናኙም» ብሎ መለሳት።

ስለዚህ እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ መዝገብ ይውጣ ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከሲስተሙ የዓምድ ስሞችን ገልብጬ አማርኛ መፈለግ ጀመርኩ። `Net Pay`ን «የተጣራ ተከፋይ» አልነው፣ ማንም አልተከራከረም። `Basic Salary` እና `Gross Salary` ላይ ስንደርስ ግን ስብሰባው ቆመ። አንዱ «መነሻ ደመወዝ» ይላል፣ ሌላዋ «መሠረታዊ»፣ ሒሳብ ክፍል ደግሞ «ዝም ብላችሁ ደመወዝ በሉት» ይላል። በእናንተ መሥሪያ ቤት እንዴት ነው የተፈታው?

---

ሲቪል_ሰርቫንቱ

እህቴ፣ ይሄ እኮ በመንግሥት ቤት ድሮ ያለቀ ነገር ነው። መነሻ ደመወዝ በሉት። የደመወዝ ስኬሉን ብታዪው በየደረጃው «መነሻ ደመወዝ» የሚል አለ። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ተደምሮ ጠቅላላ ይባላል። ጡረታም ሰባት በመቶ ከጠቅላላው ይቆረጣል፤ አዋጁ ራሱ «ሙሉ የወር ደመወዝ» ነው የሚለው። አታካብዱት።

---

አዲስ_ምሩቅ_ወሎ

በጣም ጠቃሚ ሐሳብ ነው! እኔም ዘንድሮ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቁ የኤችአር የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው ያላችሁ ፒዲኤፍ ብትልኩልኝ አመሰግናለሁ።

---

የሀረጎ_መንገደኛ

@አዲስ_ምሩቅ_ወሎ ወንድሜ፣ እዚህ የተጠየቀው ሌላ ነው፤ ግን ክሩን ተከታተል፣ ከፒዲኤፉ የተሻለ ነገር ታገኝበታለህ።

@ሲቪል_ሰርቫንቱ በአክብሮት ሁለቱንም ላስተካክል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ደሴ አድሬ በየቀኑ ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እሠራለሁ፣ የግል ድርጅቶችን ፔሮልም ለብዙ ጊዜ ይዣለሁ።

መጀመሪያ «መነሻ»። አንተው እንዳልከው ስኬሉ ላይ መነሻ ደመወዝ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ነው። ሦስት እርከን ያደገ ሰው ከመነሻው ወጥቷል። የእሱን የአሁን `Basic Salary` «መነሻ ደመወዝ» ብለህ ስሊፕ ላይ ብትጽፍ ሰውዬው «ጭማሪዬን አነሱብኝ» ብሎ ቢመጣ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ይብሳል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 «ሙሉ የወር ደመወዝ» ሲባል ሙሉ የተባለው ግብርም ሆነ ሌላ ነገር ሳይቀነስለት ማለት ነው። ትርፍ ሰዓትና ቦነስ ተደምሮበት ማለት አይደለም፤ የሚናገረው በመደበኛው የሥራ ሰዓት ለሚሠራ ሥራ ስለሚከፈለው ነው። «ሙሉ» የሚለውን ያዩ ሰዎች እንግሊዝኛው ሲስተም ላይ `Gross` የሚለውን ዓምድ ይፈልጉና ያንን ያባዛሉ። ይህን ስህተት ስንት ቦታ አይቸዋለሁ።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንዲት የስፌት ሠራተኛ በውሏ 6,000 ብር አላት እንበል። በዚያ ወር 700 ብር የትርፍ ሰዓት፣ 900 ብር የምርት ቦነስ አገኘች። የወሩ ጠቅላላ ክፍያዋ 7,600 ነው። የእሷ የጡረታ መዋጮ ከ6,000ው ሰባት በመቶ፣ 420 ብር ነው፤ የአሠሪው አሥራ አንድ በመቶ 660። ከ7,600ው ከተሰላ የእሷ 532፣ የአሠሪው 836 ይሆናል። ከኪሷ 112 ብር ያለ ሥርዓት ሄደ፣ አሠሪውም 176 ብር ከሚገባው በላይ ከፈለ።

ግብሩ ግን በተቃራኒው ከ7,600ው ነው የሚነሳው። በ2017ቱ ማሻሻያ መሠረት ይህ ገቢ 25 በመቶው ላይ ያርፋል፦ 1,900 ሲቀነስ 850፣ 1,050 ብር። ትክክለኛው ተከፋይ 6,130 ነው። አያችሁት፣ በአንድ ስሊፕ ላይ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች አሉ፣ አማርኛው ስሊፕ ግን ሁለቱንም «ደመወዝ» ይላል።

---

ኤችአር_ኮምቦልቻ

@የሀረጎ_መንገደኛ ጋሼ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ የእኛን ለማጣራት ከቢሮ ሠራተኞች አሥር ሰው አወጣሁ፤ ሁሉም ትክክል ነው። እኛ ጋ ስህተቱ የለም ማለት ይቻላል?

---

የሀረጎ_መንገደኛ

አይቻልም። የቢሮ ሰው ትርፍ ሰዓትም ቦነስም አበልም ከሌለው `Basic` እና `Gross` እኩል ናቸው፤ ከየትኛውም ብታሰይው መልሱ አንድ ነው። ስህተቱ ብቅ የሚለው መስመር ላይ ባሉት ሰዎች ነው፣ ያውም ሥራ በበዛበት ወር። የበዓል ሰሞን ትዕዛዝ የተጣደፈበትን ወር ፔሮል ውሰጂ፤ የጡረታውን ዓምድ መልሰሽ ለ0.07 አካፍይና በውሉ ላይ ካለው ደመወዝ ጋር አስተያይው። ዓምዶቹን በራስሽ ፊደል ተኪ፤ እዚህ H መዋጮው፣ C የውሉ ደመወዝ ነው፦

```
=ABS(H2/0.07-C2)<1
```

FALSE ያለሽ ረድፍ ሁሉ ይታይ። ውጤቱ ከውሉ ከበለጠ ከጠቅላላው ተሰልቷል ማለት ነው። ካነሰ ደግሞ ደመወዝ ተጨምሮ ፔሮሉ ላይ ያልተስተካከለለት ሰው ይሆናል፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው፣ ግን ዋናውን ስትፈልጊ እሱም አብሮ ይወጣል።

---

ጠበቃ_ደሴ

አንድ ነገር ልጨምር። እህታችን የጀመረችው ከእንግሊዝኛው ዓምድ ነው። ከአማርኛው ብትጀምር ግማሹ ድካም ይቀርላታል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አዋጁ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው፣ ሁለቱ ከተጋጩም የሚጸናው አማርኛው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 53 ደመወዝ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ምን እንዳልሆነም ይዘረዝራል፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የውሎ አበል፣ የመጓጓዣና የዝውውር አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ደንበኛ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ። ሕጉ «ደመወዝ» ብሎ ብቻውን ሲጽፍ እናንተ ስክሪን ላይ `Basic Salary` የምትሉትን ነው። ስለዚህ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር አታበድሩት። `Gross`ን «ጠቅላላ ደመወዝ» ስትሉት ቦነሱም ደመወዝ ነው እያላችሁ ነው። «የወሩ ጠቅላላ ክፍያ» በሉት፣ ክርክሩ ያልቃል።

ይህ ፍርድ ቤት ስትመጡ ይታወቃችኋል። የስንብት ክፍያ የሚሰላው በአማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ሠራተኛው ስሊፑን ይዞ ይቀርባል፤ ስሊፑ ላይ «ጠቅላላ ደመወዝ 7,600» የሚል በድርጅቱ ማኅተም አለ። «እናንተው ደመወዝ ብላችሁታል» ሲል የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ምን ይመልስ?

ሌላም አለ፣ ቃሉን ካነሳን አይቀር። የስንብት ክፍያን «ካሳ» ብላችሁ የምትጽፉ ኤችአሮች እባካችሁ ተዉ። በዚሁ አዋጅ ካሳ የሚባለው ሌላ ነው፤ አንዱ ሠራተኛ ከሕግ ውጭ ሲሰናበት የሚፈረድለት ነው። በቅነሳ ለወጣች ሠራተኛ «ካሳዎ ተሰልቶ ተከፍሎዎታል» የሚል ደብዳቤ የሰጠ ድርጅት አይቻለሁ። ልጅቷ ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዬ መጣች፦ «ከሕግ ውጭ እንዳባረሩኝ ራሳቸው ጽፈዋል» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ያዝኩት።

---

ሲቪል_ሰርቫንቱ

እሺ «መነሻ»ውን ተረታሁ። ግን «መሠረታዊ ደመወዝ» ምን ችግር አለው? ለምንድነው ባዶውን «ደመወዝ» የምትሉት? ሰው ሲያነበው ከጠቅላላው ጋር ያምታታዋል።

---

የሀረጎ_መንገደኛ

እዚህ ላይ ከአቶ ጠበቃ ትንሽ እለያለሁ። ለውልና ለደብዳቤ ባዶው «ደመወዝ» ይሁን፣ ሕጉ እንደዚያ ስለሚል። ስሊፕ ላይ ግን ከጎኑ ሌሎች ክፍያዎች ስላሉ «የውል ደመወዝ» ብለን ነው የምንጽፈው። ሠራተኛው ወዲያው ይገባዋል፦ «የፈረምኩት»። «መሠረታዊ» ስንለው «ሌላውስ መሠረታዊ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብን ነበር።

መዝገቡ ላይ ግን ቃሉን ብቻ አትጻፊ። ለእያንዳንዱ ቃል ከምን ላይ እንደሚሰላ፣ የት የት እንደሚጻፍ፣ ምን ተብሎ እንዳይጻፍ፣ ማን እንደወሰነው ከነቀኑ አስገቢ። የተከለከለው ቃል ከተፈቀደው እኩል ይጠቅማል፤ አዲስ የገባ ልጅ የድሮውን ፋይል ከፍቶ «ጠቅላላ ደመወዝ» ብሎ መፈለጉ አይቀርም፣ ያኔ መዝገቡ ላይ አግኝቶት «ይህን ተው፣ ያንን ጻፍ» የሚል ካየ ነገሩ ያልቃል። የተከለከለውን ያልመዘገበ መዝገብ ሁለት ወር አይቆይም።

---

ስፌት_መስመር_4

እኔ ኤችአር አይደለሁም፣ መስመር ላይ ነው የምሠራው። ስሊፕ ላይ ስለሚጻፍ ቃል ካወራችሁ የእኔን ላንሳ። ባለፈው ወር የእናቴ ዘመድ አርፎባት ሐይቅ ሄጄ ሁለት ቀን ቀረሁ። ለሱፐርቫይዘሬ ነግሬ፣ ፎርም ሞልቼ፣ ተፈርሞልኝ ነው። ስሊፔ ሲመጣ «ቀሪ 2» ይላል፣ 461 ብር ከ54 ሳንቲም ተቆርጧል። ብሩን አልጠላሁትም፣ ያለ ደመወዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ ቀሪ ነኝ? ቀሪ እኮ ሳይናገር የጠፋ ሰው ነው። እህቴ እዚያው ሌላ ፋብሪካ ስትሠራ ያለ ደመወዝ ሁለት ቀን ስትወስድ የተቆረጠባት 400 ነው፣ ደመወዛችን እኩል 6,000 ሆኖ። የእኔ ለምን በለጠ?

---

ኤችአር_ኮምቦልቻ

እህቴ ነፍስ ይማር። ይህን ማንሳትሽ ጥሩ ሆነ፣ እኛም ሲስተም ላይ `Absent` የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለን፤ በፈቃድ የቀረውም በራሱ የቀረውም እዚያው ይገባል። አማርኛው ስሊፕ ያንን ዓምድ «ቀሪ» ብሎ ነው የሚያትመው።

---

ጠበቃ_ደሴ

በቀላሉ እንዳታዩት። ያለ በቂ ምክንያት መቅረት በአዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችል ጥፋት ነው፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበት ከተደጋገመ። በፎርም የተፈቀደላት ሠራተኛ ስሊፕ ላይ «ቀሪ» እየተባለ ከተጠራቀመ ነገ አለቃዋ ሲቀየር አዲሱ የሚያየው ቁጥሩን ነው፣ ፎርሙ የት እንዳለ ማን ያውቃል። መዝገቡ ላይ ሁለት ቃል ይግባ፦ «ያለ ደመወዝ ፈቃድ» እና «ቀሪ»። ሲስተሙ ላይም ሁለት ኮድ ይከፈት፤ አንድ ኮድ ላይ ሁለት ቃል መለጠፍ አይቻልም።

@ስፌት_መስመር_4 የተፈረመልሽን ፎርም ፎቶ አንሺና ያዢው። ሐዘኑንም ጠይቂ፤ የቅርብ ዘመድ ከሆነ በአዋጁ ደመወዝ የሚከፈልበት የሐዘን ፈቃድ አለ፣ የእናትሽ ዘመድ ላንቺ በዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቱ ግን በዝምድናው ይወሰናል።

---

የሀረጎ_መንገደኛ

የብሩን ጥያቄ ልመልስ። 6,000ን ለ26 ብታካፍዪው 230 ብር ከ77 ይሆናል፣ የሁለት ቀኑ 461.54። ለ30 ካካፈልሽው 200 ነው፣ የሁለት ቀኑ 400። የአንቺ ፋብሪካ በሥራ ቀን ያሰላል፣ የእህትሽ በቀን መቁጠሪያ። ሁለቱም ሲሠራበት አይቻለሁ። መጥፎ የሚሆነው አንድ ቤት ሲቆርጥ በ26፣ ሲከፍል በ30 ሲያካፍል ነው፤ ያው «የቀን ደመወዝ» የሚል ቃል ሁለቱንም ይሸፍንለታል። ለዚህ ነው መዝገቡ ላይ «የቀን ደመወዝ» ከነማካፈያው ይጻፍ የምለው። ቃሉ ብቻውን ዋጋ የለውም።

---

የከሚሴ_ልጅ

ይቅርታ መሀል ልግባ። እኛ መስመር ላይ ከከሚሴና ከባቲ አካባቢ የመጣን ብዙ ነን፣ ገሚሶቻችን አማርኛ እንናገራለን እንጂ ማንበብ ይከብደናል። ኦሮምኛ ዓምድ ለምን አይጨመርም?

---

ኤችአር_ኮምቦልቻ

ልክ ነህ፣ አስቤበት አላውቅም። ሆኖም ኦሮምኛውን በትክክል የሚጽፍ ሰው ክፍላችን ውስጥ የለም፣ የተሳሳተ ከምንጽፍ ለጊዜው ስሊፑን የሚያስረዳ ሰው ደመወዝ ቀን በር ላይ ብናቆም ይሻል ይመስለኛል። አንተ ብትረዳን?

---

የከሚሴ_ልጅ

እኔ የምችለው መናገር ነው፣ መጻፉን ለአስተማሪ ጓደኛዬ እጠይቀዋለሁ። ቃል አልገባም።

---

ኤችአር_ኮምቦልቻ

ጋሼ የሰጡኝን ፎርሙላ በነሐሴ ፔሮል ላይ አስገባሁት። መስመር ላይ ያሉት ላይ FALSE በFALSE ሆነ። ከጠቅላላው ነው ሲቆረጥ የቆየው። ሒሳብ ክፍል አሁን የመመለሻ ሰነድ እያዘጋጀ ነው፤ የጡረታው ገንዘብ ገቢ ስለተደረገ እንዴት እንደሚስተካከል ከማኅበራዊ ዋስትናው ቅርንጫፍ ጋር መነጋገር አለባቸው።

የመጀመሪያውን ቃል እንዲህ መዝግቤዋለሁ፣ እዩልኝ፦

> ሲስተሙ ላይ፦ `Basic Salary`
> በውልና በደብዳቤ፦ ደመወዝ
> በስሊፕ፦ የውል ደመወዝ
> እንዲህ አይጻፍ፦ መነሻ ደመወዝ፣ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የወር ገቢ
> የሚሰላበት፦ የጡረታ መዋጮ (7 እና 11 በመቶ)፣ የትርፍ ሰዓት የሰዓት ሂሳብ፣ የስንብት ክፍያ
> የማይሰላበት፦ የገቢ ግብር ብቻውን (ግብር ከጠቅላላ ክፍያ ነው)
> ምንጭ፦ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 53፤ አዋጅ 1268/2014

የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ «አበል»። ሲስተሙ `Allowance` ይላል፣ እኛም አበል ብለነዋል። ግን ጡረታ የወጣው ሰው የሚቀበለውም «የጡረታ አበል» ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚላከውም የሚወስደው «የውሎ አበል» ነው። ሁለተኛ «ወር»። ሲስተማችን የሚከፍለው በፈረንጅ ወር ነው፣ ግብርና ጡረታ የምናሳውቀው ግን በእኛው ወር።

---

የሀረጎ_መንገደኛ

ጥሩ ነው። «ብቻውን» የሚለውን አውጪው፣ ያደናግራል። «የገቢ ግብር ከዚህ አይሰላም፣ ከጠቅላላ ክፍያ ይሰላል» በይ።

አበልን ብቻውን እንዲቆም አትፍቀጂለት፤ ሁልጊዜ ከፊቱ ስም ይኑረው። የመጓጓዣ አበል፣ የውሎ አበል፣ የኃላፊነት አበል። ሲስተሙ ላይም አንዱን `Allowance` ከፋፍሉት፣ ምክንያቱም የመጓጓዣው እስከተፈቀደው ጣራ ድረስ ግብር የለበትም፣ የኃላፊነቱ ግን አለበት።

ወሩ ላይ ማንም ጨርሶ ያሸነፈው ሰው አላውቅም። የዘንድሮውን የሴፕቴምበር ክፍያ ውሰጂ፦ ከነሐሴ 26 ተነስቶ ጳጉሜን አልፎ መስከረም 20 ላይ ያልቃል። ይህ የነሐሴ ነው የመስከረም? እኛ ደመወዙ የተከፈለበትን ወር ነው የምንይዘው፣ ስለዚህ የመስከረም ብለን እናሳውቃለን። ሌላ ቤት ደግሞ ሥራው በበዛበት ወር ይይዛል። አንዱን ምረጡና መዝገቡ ላይ «የክፍያ ወር» እና «የማሳወቂያ ወር» ብላችሁ ለዩአቸው።

---

ጠበቃ_ደሴ

የኃላፊነት አበሉ ላይ ግን አልስማማም። የአንቀጽ 53 ዝርዝር ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም። በየወሩ ሳይቋረጥ፣ ለዚያው ሥራ የሚከፈል ከሆነ ደመወዝ አይደለም ብሎ ማን ይረታል? «አበል» ስላላችሁት ብቻ አበል አይሆንም።

---

የሀረጎ_መንገደኛ

ኃላፊነቱ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ገንዘብ ነው እኮ። ደመወዝ ቢሆን መቀነስ አይቻልም ነበር።

---

ጠበቃ_ደሴ

እሱን ነው እኮ የምንከራከርበት።

---

ሲቪል_ሰርቫንቱ

በእኛ ቤት የኃላፊነት አበል ላይ ጡረታ አይቆረጥም። ግን እኛ በሌላ አዋጅ ነን፣ ማስረጃ አይሆናችሁም መሰለኝ።

---

ኤችአር_ኮምቦልቻ

እሺ፣ የኃላፊነት አበልን «ያልተወሰነ» ብዬ በቢጫ ቀለም አስቀመጥኩት፤ እስኪወሰን በድሮው ይቀጥላል፣ ከስሩም የሁለታችሁን ሐሳብ ጻፍኩ። የሱፐርቫይዘሮቹ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ የድርጅቱን ነገረ ፈጅ ጠይቄ እመለሳለሁ።

@ስፌት_መስመር_4 የአንቺ ፋብሪካ የእኛ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ «ቀሪ»ው ይስተካከላል። ካልሆነም ኤችአራችሁን ኮድ እንዲለዩ ንገሪያቸው።

---

ስፌት_መስመር_4

የእናንተ አይደለም። ግን የእኛዋ ኤችአር ይህን ክር ታነባለች፣ ትናንት ስሊፕ ላይ ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላ ጠየቀችኝ።